ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ

ሰውየውን ሁሉም ሰው «ባትሪው» ይለዋል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጫጩት መፈልፈያ ቤት ውስጥ፣ መስኮት የሌላት ጨለማ ክፍል ገብቶ፣ እንቁላል በብርሃን ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። መብራቷን እንቁላሉ ላይ ለጠፍ ያደርጋል፣ ውስጡን ያያል፣ ይፈርዳል። ሕይወት ያለው ወደ ማሞቂያው ይመለሳል፤ ባዶው ይወጣል። አንዱን እንቁላል ለማየት የሚፈጅበት ጊዜ ሌላው ሰው ለማስነጠስ ከሚፈጅበት ያነሰ ነው። ባልደረቦቹ ሲያወሩ፣ አንድ ጠዋት በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ዓይን ዓይኑን አየውና «አንተ ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣኸው» አለው፤ ዘበኛው ከዚያ ወዲህ ባትሪው ሲያልፍ ሆዱን በመለዮው ይሸፍናል ይላሉ።

ይህ ሁሉ ዓይን ያለው ሰው ግን አንድ በሽታ ነበረበት፤ ይቀናል። ጎረቤቱ አዲስ በር ካሠራ የራሱ በር በአንድ ሌሊት ያረጀበታል። ሌላው ሰው ሲመሰገን ካየ ጥርሱን የሚያመው ይመስለዋል። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ግን በሽታው ቀላል ነበር፤ እንደ ጉንፋን ይመጣና ይሄዳል። የጸናበት የሚስቱን ታናሽ ወንድም በገዛ እጁ ሥራ ካስገባው በኋላ ነው።

ልጁ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ጸጉሩ ሁልጊዜ የተበጠረ፣ ስለ ዶሮ የተጻፈ ነገር ካገኘ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር የሚያነብ ሰው ነው። ሥራ አጥቶ ሁለት ዓመት ሲንከራተት ሚስትየው «ወንድሜ እኮ ነው፤ አንድ ቃል ብትናገርለት ምን ትሆናለህ?» እያለች ባሏን እንቅልፍ ነሳችው። ባትሪው ቃሉን ተናገረ። ልጁ ገባ። በዐሥራ አራት ወሩ «ፕሮፌሰሩ» የሚል ስም ወጣለት። ባትሪው ይህንን ስም በሰማ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ያገኘውን ስም ያስባል፤ ባትሪ። አንዱ ሊቅ፣ አንዱ ዕቃ።

የሚብሰው ደግሞ ልጁ አክባሪ መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ ቀድመህ ግባ። ጋሼ፣ ወንበሩን ያዝ። ጋሼ፣ ይህችን እንቁላል እስቲ እይልኝ» ይላል። ሰው የሚቀናበት ሰው ቢሰድበው እኮ ይገላግለዋል። ፕሮፌሰሩ ግን ለባትሪው አንዲት የምትጠላ ነገር እንኳ አልሰጠውም።

በዚህ መሐል የማሞቂያ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸው። «ከሁለታችሁ አንዳችሁን እሾማለሁ። ይህን ወር አያለሁ» አሉ። ከሁለታችሁ! ባትሪው ቃሏን ይዟት ቤቱ ሄደ፤ እራቱን እያኘከ አብሮ አኘካት።

በዚያው ሳምንት የዶሮ አርቢዎች ለጉብኝት መጡ። ሃያ ሦስት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጫጩት የሚገዙ ደንበኞች። ሥራ አስኪያጇ ዙሪያውን ቃኙና «ፕሮፌሰር፣ እስቲ አንተ አስረዳቸው» አሉ። ባትሪው ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር። የጠረገውን ጉሮሮ ይዞ ከኋላ ቆመ።

ልጁ አንድ እንቁላል በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገ።

«ይህችን የምታዩአት አንድ ቀን ተኩል የማይሞላ ሥራ ናት» አለ። «ዶሮ እንቁላል አፍሪ አካሏ በግራም በቀኝም ይጀመራል፤ አድጎ የሚሠራው ግን የግራው ብቻ ነው። አስኳሉ እዚያ ይበስላል፤ ሲላቀቅ እንደ መለከት አፉን የከፈተ ቱቦ ይቀበለዋል። አውራው ድርሻውን ከተወጣ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ሩብ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ካለፈ አለፈ፤ ነጩ ከለበሰ በኋላ መጥቶ ማንኳኳት የለም።»

ከአርቢዎቹ ሴቶቹ ሳቁ። ባትሪው አልሳቀም፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበረ።

«ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል ነጩን ትለብሳለች። ቀጥሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ሁለት ስስ ሽፋን ይደረብላታል። ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ ነው፤ እሱ ብቻ ሃያ ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ነው ኖራ ያልበላች ዶሮ ከአጥንቷ እየፈታች የምትከፍለው። ቀለሙ የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ግድግዳ ሳይለሰን ቀለም አይቀባም አይደል?»

አንዱ አርቢ እጁን አነሣ። «እነዚህ አስኳሉ አጠገብ ያሉት ነጫጭ ክሮችስ? ሚስቴ እንቁላል በሰበረች ቁጥር በማንኪያ ስትለቅማቸው ነው የምትውለው።»

«ንገራት፣ የአስኳሉ ገመዶች ናቸው። በግራና በቀኝ ተገምደው አስኳሉን መሐል ላይ ይይዙታል፤ ቅርፊቱ ላይ እንዳይጣበቅ። አስኳሉ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ናት ጫጩት የምትሆነው፤ እንቁላሉን እንዴትም ብታዞረው እሷ ዞራ ወደ ላይ ትመለሳለች፤ ሙቀቱ ወዳለበት። አስኳሉ ስንቋ ነው። ነጩ ውኃዋና አጥሯ ነው፤ ተህዋስ እንዳይደርስባት ይከላከላል። ቅርፊቱ ደግሞ ቤቷ ብቻ አይደለም፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ይተነፍሳል፤ አጥንቷን የምትሠራውም ከቅርፊቱ ኖራ እየወሰደች ነው። ቤቷን እየበላች ታድጋለች።»

ከዚያ እንቁላሉን አዙሮ ሰፊውን ጫፍ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «እንቁላል ሲጣል ትኩስ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተራል፤ በዚህ በሰፊው ጫፍ በኩል ሁለቱ ሽፋኖች ተላቅቀው አየር ይገባል። ይህች ትንሽ ክፍል ናት የመጀመሪያ ትንፋሿ። ስለዚህ ትሪው ላይ ስንደረድር ሰፊው ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ። ሁልጊዜ።»

ተጨበጨበለት። አንዲት አርቢ «የኔ ልጅ፣ ከንፈርህ ይባረክ» አለችው። ይህን ሁሉ ባትሪውም ያውቃል። በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ልጁ ያነበበውን እሱ ኖሮበታል። ግን አፉን ሲከፍት «እህ፣ ይሄ... ደህና ነው» ከማለት አልፎ አያውቅም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያወራው ከእንቁላል ጋር ብቻ ነዋ።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቀድማ ሰምታለች። «ወንድሜ ሰውን ሁሉ አፍዝዞ አደንግዞ ለቀቀው አሉ» አለችው፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«እንቁላል ነው ያስረዳው። ጨረቃ ላይ አልወጣም።»

«አንተ ለምን አታስረዳም ታዲያ?»

ባትሪው የገዛ ሸሚዙን ከእጇ ነጥቆ ራሱ ማጠፍ ጀመረ፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈው።

ስሕተቱ የተፈጠረው ከዚያ ሦስት ቀን በኋላ ነው። አንድ አርቢ የሚፈለፈል እንቁላል አስመጣ፤ ስድስት ትሪ፣ ዘጠኝ መቶ እንቁላል። ችግሩ እንቁላሎቹ ክብ ነበሩ። ኳስ ናቸው ቢባል ኳስ ይቀየማል እንጂ እነሱ አይቀየሙም። ሰፊው ጫፍ የትኛው፣ ሹሉ የትኛው፣ በዓይን አይለይም።

እንዲህ ያለ እንቁላል ሲመጣ በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። መጀመሪያ ጨለማ ክፍል ይገባል፣ ባትሪው የአየር ክፍሏን በብርሃን ያገኛታል፣ በእርሳስ ነጥብ ያደርግበታል፣ ከዚያ ነው የሚደረደረው። የትም አልተጻፈም። ልማድ ነው።

ፕሮፌሰሩ ጨለማው ክፍል በር ላይ መጣ። «ጋሼ፣ እነዚህ ክብ ክብ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብታይልኝ?»

ባትሪው ወገቡን ያዘ። ወገቡ ምንም አልሆነም። «ዛሬ ወገቤን አሞኛል። ደግሞ አንተ ሁሉን የምታውቅ ሰው፣ እኔ ምን ልጨምርልህ? ደርድራቸው።»

«እንግዲያው በዓይኔ ልሞክራ። አይዞህ ጋሼ፣ አረፍ በል።»

ልጁ ሁለት ሰዓት ቆሞ ደረደረ። እያንዳንዷን እያገላበጠ፣ እየገመተ። ባትሪው የሌለ ወገቡን እያሸ በር ስንጥቅ ውስጥ ተመለከተ።

በሰባተኛው ቀን ስድስቱ ትሪዎች ለምርመራ ጨለማው ክፍል ገቡ። ባትሪው መብራቷን ከላይ ለጠፍ አደረገ። ጽንሱ እንደ ሸረሪት ተዘርግቷል፤ መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ዓይኗ፤ ዙሪያውን ቀያይ የደም ስሮች። ደህና። ቀጣዩ ደህና። ቀጣዩ... የአየር ክፍሏ የለችም። አገላበጠው። ከታች ተደፍታ ተቀምጣለች።

ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ።

ሌላ አነሣ። ደህና። ሌላ። የተገለበጠ። አንድ ትሪ ጨርሶ ሲገምት፣ ከሦስት አንዱ ተገልብጧል። ሦስት መቶ ጫጩት ራሱን ወደ ተሳሳተ ጫፍ ሊያዞር ነው። ባትሪው ተቀመጠ። በዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ፈገግ አለ። ይህ ፈገግታ በኋላ ብዙ አሳፈረው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከልቡ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጇ በሩን አንኳኩ። «እንዴት ናቸው?»

አሁን መናገር ነበረበት። በሰባተኛው ቀን ማዞር ቀላል ነው፤ ጽንሷ ገና ቦታዋን አልያዘችም።

«ደህና ናቸው እትዬ» አለ። «ሕይወት አላቸው።» ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው ምላሱ ያልተያዘው።

በስምንተኛው ቀን ፕሮፌሰሩን ሲያይ የሞተ ዘመድ እንደሚያይ ሰው አዘነለት። በሐሳቡ አስቀድሞ አባረረው፤ የኃላፊውን ወንበር ወሰደ፤ ወንበሩ ላይ አዲስ ትራስ አስደረገ። በዘጠነኛው ቀን ትራሱን ቀይ አደረገው። በዚያው ቀን ልጁ ከቤቱ ያመጣውን ምሳ ከፍሎ አቀረበለት። «እህቴ ነግራኛለች፣ ወገብህ አልተሻለህም አለች። ይህችን ቅመስ፣ ታሞቅሃለች።» ባትሪው በላ። ጥሩ ነበር። ይህም አናደደው።

በዐሥረኛው ቀን ግን አንድ ነገር ደረሰበት። እንቅልፍ አላጣም፤ ሲያንኮራፋ ነው ያደረው። ግን እንቁላሎቹ አልለቀቁትም። ሥራው ክፉ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጡን ሲያይ የኖረ ሰው ዓይኑን ቢጨፍንም ያያል። ልብ በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ መምታት እንደምትጀምር ያውቃል። አሁን ጫጩቷ እግርና ክንፍ ለይታለች፤ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ቅርፊቱን የምትሰብርባት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ጥርስ ማብቀል ጀምራለች። አሁን የምትተነፍሰው በሳንባዋ አይደለም፤ ቅርፊቱ ሥር በተዘረጋው የደም ስር መረብ ነው። ዐሥራ አራተኛው ቀን አካባቢ ሰውነቷን ታስተካክላለች፤ ራሷ ወደ ሰፊው ጫፍ እንዲሆን። ሃያኛው ቀን ላይ መረቡ አይበቃትም፤ ምንቃሯን ወደ ላይ ታነሣለች፣ ሽፋኑን ትበሳለች፣ አየር ክፍሏ ውስጥ ገብታ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ትስባለች። ያኔ ነው ከእንቁላሉ ውስጥ ጭው ጭው የምትለው።

የተገለበጠችውስ? እሷም ምንቃሯን ታነሣለች። ትበሳለች። አየር የለም። ጥቂቶቹ እንደምንም ቅርፊቱን ሰብረው ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ እዚያው ታፍነው ያልቃሉ።

ባትሪው ማታ ራት ላይ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ሚስቱ «ምን ሆንክ? አፍህ ተከፍቶ ቀረ» አለችው።

«አየር» አለ።

«መስኮቱ ክፍት ነው።»

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ፣ ባትሪው ወደ ማሞቂያ ክፍሉ ገባ። የመጀመሪያውን ትሪ አወጣ። መብራቷን ይዞ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ፤ የተገለበጠውን ያወጣል፣ ያዞራል፣ ይመልሳል። ዓላማው ቅዱስ አልነበረም። ለማንም ሳይናገር አዙሮ፣ ሁሉም ደህና ከፈለቀ በኋላ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር በሆዱ ይዞ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ በንቀት ሊያየው ነበር። ቀናተኛ ሰው ደግ ሥራ እንኳ ሲሠራ ለራሱ ትንሽ ምግብ ያስቀራል።

ሦስተኛው ትሪ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ።

ፕሮፌሰሩ ነበር። እጁ ላይ ምሳ ዕቃ ይዟል። ያየው እንዲህ ነው፦ ማሞቂያው ተከፍቷል፣ የእሱ ትሪ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የእህቱ ባል እንቁላሎቹን እያነሣ እየገለበጠ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

ባትሪው እጁ ላይ ያለውን እንቁላል አየ። እንቁላሉም እሱን ያየው መሰለው። «እያዞርኩ ነው።»

«የኔን?»

«ያንተን።»

ልጁ ምሳ ዕቃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። «እኔ ሹመቱን አልለመንኩም እኮ ጋሼ። ብትጠላኝ ፊት ለፊት ንገረኝ። እንቁላሉ ምን አደረገህ? ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ አንተ ታጣዋለህ?»

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ደግ ነገር ሊሠራ የተነሣ ሰው በሌብነት ተያዘ። ባትሪው ሊናገር ፈለገ፤ እንደ ልማዱ «እህ፣ ይሄ...» ብሎ ቀረ። ከዚያ መናገሩን ተወውና ልጁን በክንዱ ያዘው። ገና ያልነካትን አራተኛዋን ትሪ አሸክሞት፣ እየጎተተ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባው። በሩን ዘጋ። መብራቷን በእጁ አስጨበጠው።

«እይ።»

«ጋሼ...»

«ይህችን ትሪ እኔ አልነካሁም። አንተ እንደደረደርካት ናት። ከላይ አብራ። የአየር ክፍሏ የታለች?»

ጨለማ ውስጥ መብራቷ ብቻ ትታያለች። ልጁ አንዱን አየ። «ይኸው አለች።» ሁለተኛው። «ይኸው።» ሦስተኛውን አገላበጠው። ብርሃኑን ከሥር ለጠፈው። ሌላ አነሣ። ሌላ። እጁ ፈጠነ፣ ከዚያ ዘገየ።

«ገለበጥኳቸው» አለ ዝግ ብሎ።

«ከሦስት አንዱን።»

«እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ሰው ፊት ቆሜ "ሁልጊዜ" ያልኩት እኔ።»

ባትሪው ይህንን ቃል ሲሰማ ሊጣፍጠው ይገባ ነበር። ትንሽ ጣፈጠው፤ እውነቱን ለመናገር ደህና አድርጎ ጣፈጠው። ግን ወዲያው ልጁ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

ጨለማ ለመዋሸት ይመቻል። ባትሪው ግን ከዚህ ጨለማ ጋር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ እዚህ ውስጥ ያየውን አላየሁም ብሎ አያውቅም።

«ከሰባተኛው ቀን።»

«አራት ቀን።»

«አራት ቀን።»

ልጁ አልጮኸም። መብራቷን አጠፋትና «ና፣ የቀሩትን አብረን እናዙር። ምሳ ሰዓት ሳያልቅ» አለ። አዞሩ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ያዞራል። ስድስተኛውን ትሪ ሲመልሱ ሥራ አስኪያጇ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ምንድን ነው? በምሳ ሰዓት ማሞቂያ የሚከፍት ማነው?»

ባትሪው ገና አየር ሳይስብ ልጁ ቀደመው። «እኔ አጥፍቻለሁ እትዬ። ክብ እንቁላሎቹን ገልብጬ ደርድሬአለሁ። ጋሼ ነው ያገኘው። አሁን አዙረናቸዋል፤ ገና ዐሥራ አንደኛ ቀናቸው ስለሆነ አልረፈደም።»

በቃ። ስለ አራቱ ቀን አንድ ቃል የለም። ባትሪው ነጻ ወጣ፤ ከዚያም አልፎ ጀግና ሆነ። ወንበሩ፣ ትራሱ፣ ቀይ ቀለሙ፣ ሁሉም እፊቱ ተደቀነ። ዝም ቢል ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቅናት ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ የሚታየው። ሌላ ሰው ቢሆን ኅሊናው ወቀሰው እንል ነበር። ባትሪውን የወቀሰው ኅሊናው አልነበረም። ልጁን አየው፤ ጥፋቱን አፍ ሞልቶ ሲናገር፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የእህቱን ባል ገበና ሸፍኖ። አምሮበታል። በሐቀኝነትም ቀደመኝ አለ በሆዱ። ንግግሩን ወሰደብኝ፣ ጭብጨባውን ወሰደብኝ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ሙሉ ለሙሉ ጠቅልሎ ሊወስደው ነው። ይህንንስ አይሆንም።

«እትዬ» አለ ባትሪው። ድምፁ እንደ ዛገ በር ወጣ። «እኔ የዛሬ አራት ቀን አውቄ ነበር። ዝም አልኩ።»

ልጁ ዞሮ አየው። ሥራ አስኪያጇም አዩት።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ቀናሁ።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ቀነሰ፤ ይህ መጥፎ ምልክት ነው። «ልጁን ወገቤን ብለህ መለስከው አሉኝ፤ እሱስ?»

«ወገቤ ደህና ነው።»

«አንዱ የማያውቀውን በግምት ሠራ፣ አንዱ የሚያውቀውን አልተናገረም» አሉ። «ልጁ ጠይቆሃል፤ የመለስከው አንተ ነህ። ስለዚህ ያንተ ይብሳል። የማያውቅን ሰው አስተምረዋለሁ። የሚያውቀውን የሚደብቀኝን ግን እንዴት አድርጌ በብርሃን ልየው?»

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ስድስቱ ትሪዎች ከማሞቂያው ወጥተው መፈልፈያው ክፍል ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላል አይዞርም፣ ለመውጣት ይዘጋጃል። በሃያኛው ቀን ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ጨለማው ክፍል በር ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ መጥተህ ብታዳምጥልኝ?»

ባትሪው ወገቡን ሊይዝ እጁ ሄደ። መለሰው። ተነሣ።

የመፈልፈያውን በር ገርበብ አድርገው ጆሯቸውን ጣሉ። ጭው ጭው ይላል። ከአንድ ትሪ አይደለም፤ ከስድስቱም። አየሩን አግኝተውታል። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። ባትሪው አልጨፈነም፤ የልጁ ደስታ እውነት መሆኑን ለማወቅ ፊቱን ያይ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን አብዛኞቹ ወጡ። ቅርፊቱን ከሰፊው ጫፍ በኩል በስተው፣ ውስጥ ሆነው ቀስ በቀስ እየዞሩ ክዳኑን በክብ ቆርጠው፣ እርጥብ ሆነው ይወድቁና በሰዓታት ውስጥ የቢጫ ጥጥ ኳስ ይሆናሉ። አንዲት እንቁላል ግን በሹሉ ጫፍ በኩል ነበር የተበሳችው። እንቁላሎቹን ባዞሩበት የምሳ ሰዓት ጥድፊያ ሳያዩአት አልፈዋል። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት፤ ምንቃር ብቻ ይታያል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ልጁ ጣቱን ዘረጋ። «ላግዛት?»

ባትሪው ሳይጠራጠር እጁን ያዘው። «አትንካት። ሽፋኑ ላይ ያለው ደም ገና ወደ ሰውነቷ አልተመለሰም። አስኳሉም ወደ ሆዷ ገብቶ አልጨረሰ ይሆናል። አሁን ብትከፍታት ትደማለች። አየር አግኝታለች፤ ተዋት፤ ሥራዋን ትጨርስ።»

ይህ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባንድ ትንፋሽ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነው። ልጁ እጁን ሰበሰበ። ቆመው ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ፤ ምሳቸው ቀዘቀዘ፤ ሥራ አስኪያጇ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ሄዱ። ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቅርፊቱ ተሰነጠቀና ጫጩቷ ጎበጥ ብላ ወጣች። ለመቆም ሞከረች፣ ወደቀች፣ ደግሞ ሞከረች።

«ምግብ ልስጣት?»

«ለምን? አስኳሏን በሆዷ ይዛ ወጥታለች። ሁለት ቀን ይበቃታል» አለ ባትሪው። «መጽሐፍህ ላይ የለም እንዴ?»

«አለ። ካንተ መስማት ፈልጌ ነው።»

እሑድ ዕለት ባትሪው ቤቱ ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ሲተክል ሚስቱ ከወንድሟ ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ ፊቷ በርቶ ገባች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሁሉን ነገረኝ» አለች።

ባትሪው መርፌውን አቆመ። አራቱን ቀን ሊሰማ ተዘጋጀ።

«እነዚያን ሁሉ ጫጩቶች ያዳንካቸው አንተ ነህ አለኝ። ማንም ያላየውን አንተ አየህ አለ። እንዳንተ ያለ ዓይን ያለው ሰው አላየሁም፣ ኃላፊ የሆንኩት በስሕተት ነው፣ ሥራውን የማውቀው በጋሼ ነው አለ። ለእትዬም እንዲሁ ብሎ ነገራቸው። አንተ ለካ እንዲህ ነህ? እኔ አንድ ቀን ነግረኸኝ ታውቃለህ? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?»

ባትሪው ጀርባው ቀና አለ። ጆሮው ሞቀ። ከተጋቡ ጀምሮ ሚስቱ እንዲህ አይታው አታውቅም። ሸሚዙን አስቀመጠ፤ ሌላ ነገር ካለ ትጨምርለት ዘንድ ጠበቀ።

እሷም ጨመረች። በረጅሙ ተነፈሰችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እንዲህ አድርጎ ሰውን የሚያመሰግን ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለች። «ወንድሜ እኮ ነው። ምን ዓይነት ልብ ነው እግዜር የሰጠው?»

ባትሪው መርፌውን አነሣና ቁልፉን መትከል ቀጠለ። ጣቱን ወጋው።